ላይክ ምሳ አይሆንም፦ በ2,000 ብር ለጋሽና በጎ ፈቃደኛ ማግኘት

ትንንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ያለቻቸውን ጥቂት ብር የገጻቸውን ተከታይ ለማብዛት ሲያወጧት አያለሁ። ተከታዩ ይጨምራል፤ የሚሰጥ ሰው ግን አይመጣም።

ለ40 ተማሪዎች ምሳ የሚያበላ ማኅበር አለ እንበል። የአንድ ልጅ ምሳ በቀን 50 ብር ይፈጃል። «እርዱን» ከማለት ይልቅ «በ1,000 ብር አንድ ልጅ 20 የትምህርት ቀን ምሳ ይበላል፤ 40 ሰው እንፈልጋለን» ይበል። የባንክ ወይም የቴሌብር ቁጥሩ በማኅበሩ ስም ይሁን። በግለሰብ ስም ከሆነ ለመስጠት የተነሳ ሰው እዚያው ይጠራጠራል።

መጀመሪያ ጥሪውን በተለያየ መልክ፣ አንዴ ምሳውን ስለምታበስለው ሴት፣ አንዴ ስለ ገበያው ዋጋ እያወራችሁ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ በነጻ ለጥፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ብዙ ሼር እንደተደረገና «እንዴት ልላክ?» የሚል ጥያቄ እንዳመጣ እዩ። 2,000 ብሩን ለዚያ አንድ ልጥፍ ማስታወቂያ ብቻ አውሉት። ላይክ በዝቶ ጥያቄ ከሌለ ጥሪው ግልጽ አይደለም፤ ሳትከፍሉ አስተካክሉት።

የበጎ ፈቃደኛ ጥሪ ለብቻው ይውጣ፦ «ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ ሽንኩርት የሚልጡ 4 ሰዎች»። ለጻፈላችሁ በዕለቱ መልሱ፤ ካደረ ስሜቱ ይበርዳል።

በየሳምንቱ «31 ሰው ሰጥቷል፣ 9 ይቀራል» ብላችሁ ከደረሰኝ ጋር አሳውቁ። የልጆቹን ፊት ሳይሆን ድስቱንና ሳህኑን አሳዩ፤ ክብራቸው አይሸጥም። እያንዳንዱን ለጋሽም «የትኛውን ልጥፍ አይተው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀጥለውን ወር በጀት የሚወስነው ይህ መልስ ነው።