ቁጥሩ 25 የሆነው ፎም ለምን ይሸፈናል?

ሜሪላንድም ይሁን ሚኔሶታ ቤት የገዛ ሰው ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ዓይኑ ቤዝመንቱ ላይ ማረፉ አይቀርም። ለልጆች መኝታ፣ ከአገር ቤት ለሚመጡ እናት ማረፊያ ይሆናል። ባዶው የኮንክሪት ግድግዳ ግን ብርድ አለው፤ ስለዚህ ሰማያዊ ወይም ሮዝ የፎም ሰሌዳ ተገዝቶ ይለጠፍበታል። ሰሌዳው ቀላል ነው፣ በቢላ ይቆረጣል፣ ብርዱንም በደንብ ይይዛል። በመረጃ ወረቀቱ ላይ የነበልባል መዛመት መለኪያው 25 ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ከሁሉ የተሻለው ደረጃ ነው። እዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ ሰሌዳው ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ሳይሸፈን መተው እንደሌለበት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ሁለተኛውን ያልፈዋል። ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ንባብ ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው ኤኤስቲኤም ኢ84 በሚባለው ፍተሻ ነው። ፍተሻው የሚካሄደው 7.6 ሜትር ርዝመት ባለው ጠባብ ዋሻ ውስጥ ነው። ናሙናው የዋሻው ኮርኒስ ሆኖ ይገጠማል፤ በአንዱ ጫፍ የጋዝ ነበልባል ይለኮሳል፤ አየሩ ወደ ሌላው ጫፍ እየተሳበ ነበልባሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘ ይመዘገባል። በዚህ መለኪያ የሲሚንቶ ሰሌዳ ዜሮ ሲሆን፣ ለወለል የሚሠራበት ቀይ ኦክ የተባለው እንጨት 100 አካባቢ ነው። ስለዚህ 25 ደቂቃም አይደለም፣ መቶኛም አይደለም። ነበልባሉ በዚያ ዋሻ ውስጥ ከኦክ እንጨት አንጻር እንዴት እንደሄደ ብቻ የሚናገር ቁጥር ነው። የአሜሪካ የግንባታ ሕግ ለአብዛኛው ፎም እስከ 75 ይፈቅዳል፤ ጢሱም በተመሳሳይ ፍተሻ ከ450 እንዳይበልጥ ያዛል።

ችግሩ ናሙናው ኮርኒስ ላይ መሰቀሉ ነው። እንጨት በተገጠመበት ቦታ ሆኖ ይነዳል። ፖሊስታይሪን የሆነው ፎም ግን ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ይኮማተራል፣ ከዚያም ይቀልጣል። ነበልባሉ ገና ሳይደርስበት ከኮርኒሱ ተላቅቆ ወደ ዋሻው ወለል ይንጠባጠባል። ከላይ የሚነድ ነገር ስለማይቀር የሚመዘገበው ቁጥር ትንሽ ይሆናል፤ ወለሉ ላይ የተጠራቀመው ቅላጭ ግን እዚያው ሊነድ ይችላል። የፍተሻው መመሪያ ራሱ፣ ቀልጠው የሚንጠባጠቡ ነገሮች የሚያገኙት ዝቅተኛ ቁጥር በእውነተኛ እሳት ውስጥ ያላቸውን ጠባይ በቀጥታ ላያሳይ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በመኖሪያ ክፍል ማዕዘን ላይ ነገሩ ጨርሶ ሌላ ነው። ሁለት ግድግዳና አንድ ኮርኒስ በተገናኙበት ቦታ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይጠራቀማል፤ በዋሻው ረጋ ያለው ፎም እዚህ ክፍሉን በደቂቃዎች ውስጥ በነበልባል ሊሞላው ይችላል።

ይህ ልዩነት በፍርድ ሂደት አፍ የተገኘ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፎሞች «የማይነዱ» ወይም «ራሳቸውን የሚያጠፉ» እየተባሉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በፕላስቲክ ኢንዱስትሪው ማኅበር፣ በኤኤስቲኤምና ከ20 በሚበልጡ አምራቾች ላይ ተነሣ፤ እነዚህ አባባሎች ገዢን ያሳስታሉ ሲል። በቀጣዩ ዓመት በተደረሰው ስምምነት አባባሎቹ እንዲቀሩና ኢንዱስትሪው በፎም እሳት ላይ ለሚደረግ ምርምር 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመድብ ተወሰነ። የግንባታ ሕጎችም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ዛሬ የምናውቀውን ትእዛዝ አስገቡ፦ ፎሙ ያገኘው ቁጥር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ በእርሱና በክፍሉ መካከል ሙቀት የሚያግድ ሽፋን ይኑር።

የተለመደው ሽፋን 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጂፕሰም ቦርድ፣ አሜሪካ ያሉት ድራይዎል የሚሉት ነው። ጉልበቱ በውስጡ ከያዘው ውኃ ይመጣል። የጂፕሰም ማዕድን ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከድንጋዩ ጋር የተሳሰረ ውኃ ነው፤ አንድ ሙሉ ቦርድ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይይዛል። እሳት ሲያገኘው ይህ ውኃ እየተላቀቀ ይተናል፤ ለዚህም ብዙ ሙቀት ይፈጃል። ውኃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ የቦርዱ ጀርባ ከ100 ዲግሪ እምብዛም ሳይርቅ ይቆያል። ከሽፋኑ የሚጠበቀው ለ15 ደቂቃ በጀርባው በኩል ያለው አማካይ የሙቀት ጭማሪ ከ139 ዲግሪ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ፎሙ ከዚያ በኋላ ሊነድ ይችላል። ሩብ ሰዓቱ የተሰጠው የተኛ ልጅ ተቀስቅሶ እንዲወጣ ነው።

ምን እንደሚሸፈን በአንድ ቤዝመንት እንመልከት። የግድግዳው ጠቅላላ ርዝመት 15 ሜትር፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ የፎሙ ውፍረት 5 ሴንቲሜትር ይሁን። ይህ 36 ካሬ ሜትር ላይ የተለጠፈ 1.8 ሜትር ኩብ ፎም ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 28 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ ጠቅላላው 50 ኪሎ ይሆናል። ፖሊስታይሪን ሲነድ ከእያንዳንዱ ኪሎ 40 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ስለሚወጣ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ኃይል ከ60 ሊትር ቤንዚን የሚወዳደር ነው። እሳት እንዳይስፋፋበት የተጨመረለት ኬሚካል የትንሽ ክብሪት ነበልባልን ይቋቋም ይሆናል፤ የሚነድ ሶፋን ግን አይመክትም።

ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሰው በማያይበት ቦታ ነው። ሳሎኑ በጂፕሰም ያምራል፤ ማሞቂያውና የውኃ ቦይለሩ ያሉበት ጓዳ ግን «ማን ያየዋል» ተብሎ ፎሙ ራቁቱን ይቀራል። የእሳት መነሻ የሚሆኑት ዕቃዎች ደግሞ እዚያ ናቸው። ሌላው ከኮርኒስ በላይ ያለው ጠርዝ ነው። ተነቃቃይ የኮርኒስ ሰሌዳ ስለከለለው የተሸፈነ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ኮርኒስ ግን እንደ ሙቀት ማገጃ አይቆጠርም። ስስ የእንጨት ልባጥም፣ የፕላስቲክ ሸራም አይቆጠሩም። እሳት ይከላከላል የተባለ ቀለምም የሚታመነው በዚያው ዓይነት ፎም ላይ፣ በታዘዘው ውፍረት ተቀብቶ የተፈተነ ሲሆን ብቻ ነው። የፍተሻውን ሪፖርት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁሉም ፎም አንድ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ፖሊአይሶ የሚባለው ቢጫማ ፎም አይቀልጥም፤ ላዩ ከስሎ ውስጡን በከፊል ይጠብቃል። ከእነዚህ መካከል አሉሚኒየም የተለበጡ አንዳንድ ሰሌዳዎች በእውነተኛ ክፍል መጠን በሚደረገው የማዕዘን ፍተሻ አልፈው ያለ ጂፕሰም እንዲተው ተፈቅዶላቸዋል። ፈቃዱ ግን ለተፈተነው ምርት ብቻ ነው፤ አጠገቡ የተደረደረው፣ መልኩ አንድ የሆነው ሌላ ሰሌዳ ላይኖረው ይችላል። ለጥገና ካልሆነ ሰው በማይገባበት የጣራ ሥር ደግሞ ሕጉ ቀለል ያለ ሽፋን ይቀበላል፤ ለምሳሌ 6.4 ሚሊሜትር ኮምፖንሳቶ። ያ ቦታ የዕቃ ማስቀመጫ ከሆነ ግን ሙሉው ሽፋን ይመለሳል።

በአገር ቤትም በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል ፖሊስታይሪን የታሸገበት ሳንድዊች ፓነል ለቢሮ ክፍፍልና ለመጋዘን ይገዛል። ቆርቆሮው ነበልባሉን በቀጥታ እንዳይነካው ይከልላል፤ ሙቀት ግን በፍጥነት ያሳልፋል፣ እንደ ጂፕሰምም የሚተን ውኃ የለውም። ውስጡ ሲቀልጥ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ይላቀቃሉ፤ በባዶው ክፍተትም እሳት ከውጭ ሳይታይ ሊጓዝ ይችላል። ገዢው ስለ ቆርቆሮው ውፍረት ከመጠየቁ በፊት ውስጡ ፖሊስታይሪን፣ ፖሊዩሬቴን ወይስ የማይነደው የድንጋይ ሱፍ መሆኑን፣ ፓነሉም ሙሉ ሆኖ እንጂ ፎሙ ብቻውን እንዳልተፈተነ ይጠይቅ። ሽቦ ለማሳለፍ ፓነሉ በተበሳበት ቦታ ሁሉ ፎሙ ወደ ክፍሉ ይጋለጣል፤ ኤሌክትሪኩ በቱቦ ይለፍ፣ ቀዳዳውም በማይነድ ነገር ይደፈን።