ጌኮ፣ ስኪንክ ወይስ አጋማ? ከቀለሙ በፊት አንገቱን እዩ

ሜሪላንድ፣ ሪቨርዴል ፓርክ የሚኖሩ ወዳጆቼ የጓሮ ግንብ ላይ ያነሱትን የእንሽላሊት ፎቶ ሲልኩልኝ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ስለ ቀለሙ ነው። «ሰማያዊ ነው፤ አገር ቤት ዛፍ ላይ የምናየው ነው አይደል?» ይላሉ። አይደለም።

ከቀለሙ በፊት አንገቱን እዩ። የስኪንክ አንገት ከራሱ እኩል ወፍራም ስለሆነ ራሱ የት እንዳበቃ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ቅርፊቱም እንደ ዓሣ ተደራርቦ ያብረቀርቃል። አጋማ ግን ራሱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ በፊት እግሮቹ ደረቱን ቀና አድርጎ ይቆማል። የግድግዳ ጌኮ ጠፍጣፋ ነው፤ የጣቶቹ መዳፍ ሰፋ ያለ ሲሆን የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም። ስለዚህ ፎቶው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ከታየ ጌኮ አይደለም።

ወደ ሰማያዊው እንመለስ፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው እሱ ነውና። አገር ቤት ዛፍና ድንጋይ ላይ ራሱን ሰማያዊ አድርጎ የሚታየው ወንድ አጋማ ነው። ቀለሙ የሚደምቀው ግዛቱን ሲያስከብርና ሴት ሲፈልግ ነው፤ ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ይደበዝዛል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሰማያዊው ጅራቱ ላይ ነው፤ ባለቤቱም ገና ያላደገ ባለ አምስት መስመር ስኪንክ ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ አምስት ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት። ሲያድግ ጅራቱ ይደበዝዛል፤ ወንዱ ቡናማ ይሆንና በመራቢያ ወቅት ራሱ ወደ ብርቱካንማ ይቀላል። በቀለም ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን አንድ ዝርያ ሁለት የተለያየ እንስሳ ያደርገዋል። አንገቱና የሚያብረቀርቀው ቅርፊት ግን ከልጅነት እስከ እርጅና አይለወጡም። ሰፊ ራስ የሚባለው ስኪንክ ልጅም ጅራቱ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ «ስኪንክ ነው» ብሎ ማቆም ይበቃል።

አሁን ሌላ ፎቶ እንውሰድ፦ በዚያው ግንብ ላይ ግራጫ፣ ሻካራ፣ አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ጀርባው ላይ ሞገድ የመሰለ ጥቁር መስመር ያለው። መልኩ አጋማ ነው ያሰኛል። ነገር ግን አጋማዎች በተፈጥሯቸው የአፍሪካ፣ የእስያ፣ የአውስትራሊያና የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ፣ ለምሳሌ ፍሎሪዳ፣ የሚታዩት ሰው ያመጣቸው ናቸው። ይህ የሜሪላንድ እንሽላሊት ግን የአጥር እንሽላሊት የሚባለው ነው፤ የሌላ ቤተሰብ ዝርያ ነው። የሁለቱ ዋና ልዩነት ጥርሳቸው ከመንጋጋ ጋር የተያያዘበት መንገድ ስለሆነ የትኛውም ፎቶ አያሳየውም። የሚፈታው የቦታው ስም ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ፎቶውን ቆራርጣችሁ ጅራቱን ብቻ አትላኩ። ከላይ ሳይሆን ከጎን አንሱት፤ ዓይኑ፣ አንገቱና አንድ እግሩ ይግቡ። የፍላሽ ብርሃን ሻካራውንም ያብረቀርቀዋልና ያለ ፍላሽ ይሻላል። የት ቦታና በስንት ሰዓት እንዳነሳችሁት ጻፉ። ሌሊት የበረንዳ መብራት ሥር ተቀምጦ ነፍሳት የሚጠብቅ ከሆነ ከቤት አምልጦ ወይም በዕቃ ተጭኖ የመጣ ጌኮ ሊሆን ይችላል፤ ጌኮ የሜሪላንድ ተወላጅ አይደለምና።