አምስት ነፍስ፣ ሁለት ስም

«ፖሊሲውስ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው።» ይህን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። በግምገማ መድረክ ይነገራል፣ በሪፖርት ይጻፋል፣ በቴሌቪዥን ውይይት ይደገማል። ከተነገረ በኋላ ግን ጥያቄው ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። ፖሊሲውን የጻፈው ነጻ ይወጣል፣ ጥፋቱ ወረዳና ቀበሌ ላይ ይወድቃል። በእርግጥ ስህተቱ የገባው እዚያ ታች ነው ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከሴፍቲኔት የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር በየዓመቱ ተመሳሳይ ነበር፤ ዝናብ ይቀራል፣ መንግሥት ለዓለም ጥሪ ያሰማል፣ እህል ይለመናል። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። እርዳታው ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። እህሉ እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ሸጧል፣ ዘሩን በልቷል። በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ቢመጣ እንኳ የሚያርስበት የለውም። የአዲሱ ፕሮግራም ሐሳብ ይህን አዙሪት መስበር ነበር፤ ድርቅ ኖረም አልኖረም በየዓመቱ ምግብ እንደሚያጥራቸው የሚታወቁ ቤተሰቦች ተለይተው፣ በሚታወቅ ወር የሚታወቅ ክፍያ ያገኛሉ። ቤተሰቡ ረሃቡን እንዲያልፍ ብቻ ሳይሆን ጥሪቱን ሳይሸጥ እንዲያልፍ ነው የታሰበው።

ማስፈጸሚያ ማንዋሉ ይህን ሐሳብ በቁጥር አስቀምጦታል። የቤተሰቡ አባል ሁሉ ይመዘገባል፤ ሕፃኑም አያትየውም። ለእያንዳንዱ ነፍስ በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰባል፤ መሥራት የሚችለው ጎልማሳ ስለ ሕፃናቱም ጭምር እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። የሚሠራ ጉልበት የሌለው ቤት ደግሞ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። መነሻ ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት እንግዲህ በወር 25 ቀን ሠርቶ 150 ብር፣ በስድስት ወር 900 ብር ያገኛል ማለት ነው። ይህ «ሙሉ ቤተሰብ» የሚባለው ደንብ የፕሮግራሙ ምሰሶ ነበር። በወረቀት ላይ እንከን የሚወጣለት አይመስልም።

ታች ሲወርድ ምን ሆነ?

አንድ ቀበሌ እናስብ። በመስፈርቱ መሠረት በየዓመቱ ከሦስት ወር በላይ ምግብ የሚያጥራቸው 160 ቤተሰቦች አሉበት፤ በአማካይ አምስት አምስት ቢሆኑ 800 ነፍስ ይሆናሉ። ከወረዳው የመጣው ኮታ ግን የ320 ሰው ነው። ኮታው የተሠራው በቀበሌው ያሉ ድሆች ተቆጥረው አይደለም፤ ያለፉት ዓመታት የእርዳታ ቁጥር ከፌዴራል ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ሲሸነሸን ነው።

ዝርዝሩን የሚያወጣው ኮሚቴ እዚያው ከነዋሪው የተመረጠ ነው። ሽማግሌ አለበት፣ ሴቶች አሉበት፣ የልማት ሠራተኛው አለበት። ዝርዝሩ በመጨረሻ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ይህም የማንዋሉ መልካም ድንጋጌ ነው። አሁን ኮሚቴው ሁለት ምርጫ ብቻ አለው። በማንዋሉ ከሄደ 64 ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው መዝግቦ፣ እኩል የተራቡ 96 ቤተሰቦችን ስማቸው ሳይጠራ ከስብሰባው ያሰናብታል። ወይም ከየቤቱ ሁለት ሁለት ስም ጽፎ 160ውንም ያዳርሳል። ዝርዝሩን የሚያነበው ሰው ከስብሰባው በኋላ ወደ ከተማ አይመለስም። ነገ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ደቦ ይወጣል፣ ዕድር ይቀመጣል፣ ቀብር ላይ ይገናኛል። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት በብዙ ቀበሌዎች የተመረጠው ሁለተኛው መንገድ ነበር።

ሁለት ስም የተጻፈለት የአምስት ሰው ቤት በወር 60 ብር ያገኛል። በስድስት ወር 360 ብር መሆኑ ነው፤ ከታሰበለት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህ ገንዘብ ለጥቂት ቀን ሽሮ ይገዛል እንጂ በግ ከመሸጥ አያድንም። ፕሮግራሙ የተፈጠረበት ዓላማ የጠፋው እዚህች ነጥብ ላይ ነው፤ አንድም ሳንቲም ሳይሰረቅ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ይህ ሁሉ በሪፖርት አለመታየቱ ነው። ኮታ 320፣ የተመዘገበ 320፣ የተከፈለው 320፤ አፈጻጸም መቶ በመቶ። ወረዳው ይህን ተቀብሎ ለክልል ያስተላልፋል። ብልሽቱን ማየት የሚችለው ሌላ ጥያቄ የጠየቀ ብቻ ነው፤ በአንድ ቤት ስንት ሰው ይኖራል? ከእነሱስ ስንቱ ተመዝግቧል? የገጠር ቤተሰብ በአማካይ አምስት ሰው ገደማ በሆነበት አገር በየቤቱ ሁለት ብቻ ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ክፍያው ተበትኗል ማለት ነው።

የፖሊሲ አፈጻጸምን የሚያጠኑ ምሁራን እንዲህ ያለውን ነገር በሁለት ዓይን ያዩታል። የመጀመሪያው ዓይን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ነው። ውሳኔው የተሰጠው ማዕከል ላይ ነው፤ እስከ ታች ሲወርድ በየደረጃው ምን ያህል ተሸራረፈ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መስክ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጄፍሪ ፕሬስማንና አሮን ዊልዳቭስኪ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ ለሥራ አጦች፣ በተለይ ለጥቁሮች፣ ሥራ እንዲፈጠር 23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ ነበር። ገንዘቡ ነበረ፣ በግልጽ የሚቃወምም አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ወጪ የሆነው 3 ሚሊዮን አካባቢ ነበር፤ የተፈጠረውም ሥራ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሁለቱ ጸሐፊዎች ደረጃዎቹን ሲቆጥሩ ነገሩ እንዲሳካ 70 ስምምነት ማስፈለጉን አገኙ። በእያንዳንዱ ደረጃ ከመቶ 95 ጊዜ ስምምነት ይገኛል ብንል እንኳ፣ 14ኛው ላይ ሲደረስ የስኬቱ ዕድል ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሰባው ላይ ሲደረስ ደግሞ ከመቶ 3 አይሞላም። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖርበት ሥራ የሚሞትበትን መንገድ ይህ ስሌት በደንብ ያሳያል።

በዚህ ዓይን ለሴፍቲኔት የሚታዘዘው መድኃኒት የታወቀ ነው፤ ደንቡን ማጥበቅ፣ ሥልጠና መስጠት፣ ቁጥጥር ማብዛት።

ሁለተኛው ዓይን ከታች ይጀምራል። አሜሪካዊው ማይክል ሊፕስኪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ያነሳው ሐሳብ፣ መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ የድጎማ ቢሮ ሠራተኛው በየቀኑ የሚወስኑት ውሳኔ ራሱ ፖሊሲው ነው የሚል ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው መንግሥት በመስኮቱ በኩል የሚያናግረውን ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከአቅሙ በላይ ባለጉዳይ፣ ከፍላጎቱ በታች በጀት አለው፤ ስለዚህ ይከፋፍላል፣ ያሳጥራል፣ ወረፋ ያስይዛል። በዚህ ዓይን ሲታይ የቀበሌው ኮሚቴ ደንብ ከመጣሱ በፊት የቀረበለትን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። ለ800 ነፍስ የ320 ኮታ ሲሰጠው፣ የሚከፋፈለውን ያከፋፈለው እሱ ቢሆንም ያጎደለው ሌላ ነው። እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ያንን ዝርዝር «የአፈጻጸም ችግር» ብሎ ለቀበሌ ማሸከም ሐሰት ነው። ስህተቱ ኮታው በተሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ቀበሌው ላይ የተደረገው ስህተቱን በእኩል ማካፈል ነው።

ይህ ማለት ግን ታች ያለው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ያው ኮሚቴ ዘመድ ሊያስቀድም፣ ከሊቀመንበሩ ጋር የተጣላችን ባልቴት ሊዘልል ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሷ መከታ ያ ከላይ የመጣ ማንዋል ነው። ስለዚህም ነው ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ የተደረገው ማስተካከያ በሁለቱም በኩል የሄደው። ማንዋሉ ተሻሽሎ የሙሉ ቤተሰብ ደንብ ጠበቅ ተደረገ፣ ዝርዝሩን ከሚያወጣው አካል የተለየ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በቀበሌ እንዲቋቋም ተደረገ፣ የተጠቃሚውም ቁጥር ከመነሻው 5 ሚሊዮን ገደማ ወደ 7 ሚሊዮን ከፍ አለ። የስም መበተኑ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። የኮታው መስፋት ከደንቡ መጥበቅ ያነሰ ድርሻ እንዳልነበረው መገመት ይቻላል፤ የሚሰጠው በቂ ሲሆን ደንብ ማክበር ይቀላል።

ያው ትምህርት ግን መውጫው በር ላይ ተረሳ። አንድ ቤተሰብ ጥሪት አፍርቶ ራሱን ሲችል ከሴፍቲኔት «ይመረቃል»። መስፈርቱ የቤቱን ሀብት ቆጥሮ ከክልሉ መለኪያ ጋር ማስተያየት ነበር፤ ቆጠራው ደግሞ በልማት ሠራተኛው እጅ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ግን ቁጥሩን አስቀድሞ ወሰነ፤ የተጠቃሚው ብዛት በአምስት ዓመት ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን ይወርዳል ተባለ። ይህ ግብ ተሸንሽኖ ቀበሌ ሲደርስ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሰው አስመርቁ» የሚል ትእዛዝ ሆነ። የልማት ሠራተኛው የሚገመገመው ባስመረቀው ቁጥር ነበር፤ ሁለት ፍየል ያላት ሴት ትመረቅ አትመረቅ የሚለው ውሳኔም ከፍየሎቹ ይልቅ በግምገማው ይወሰን ነበር። ብዙ ቤተሰቦች ራሳቸውን ሳይችሉ ተመርቀው ወጡ።

ቆጠራው ከታች ተሠርቶ ወደ ላይ መውጣት፣ በጀቱም ከዚያ በኋላ መደልደል ነበረበት። የጎደለውን ጎደለ ብሎ የጻፈ ወረዳም በጻፈው ሊቀጣ አይገባም ነበር። በ2007 ዓ.ም. የዕቅዱ ዘመን አለቀ። በዚያው ወቅት የተጀመረው የሴፍቲኔት አራተኛ ምዕራፍ፣ አዳዲስ ወረዳዎችንና ድንገተኛ ተረጂዎችን ጨምሮ፣ የታቀደው እስከ 10 ሚሊዮን ሰው እንዲይዝ ነበር።