በየሁለት ሰዓቱ የሚቋረጥ ሥራ

በስትሮክ ተመትቶ አልጋ ላይ የቀረ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል። በመሀሉ ምግቡና መድኃኒቱ አለ፣ ሽንቱ አለ፣ አንሶላው አለ። እናቷን ወይም ባሏን እንዲህ የምታስታምም ሴት (አስታማሚ ወንዶችም ጥቂት አይደሉም) ቤት ውስጥ የገቢ ሥራ ስትፈልግ ሰዉ ሁሉ የሚጠይቃት «ምን ትችያለሽ?» እያለ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ መሀል ላይ ጥላው ብትነሣ ምን ይበላሻል?

በዚህ ሚዛን እንጀራ ጋግሮ መሸጥ አያዋጣም። ሊጡ በደረሰበት ሰዓት መጋገር አለበት፤ ካደረ ይኮመጥጣል። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ታማሚው ቢጣራ ወይ እንጀራው ያርራል ወይ ታማሚው ይጠብቃል። ደንበኛም ዕለት በዕለት ይፈልገዋል፤ በድንገት ሐኪም ቤት ቢታደር ማግሥቱን ወደ ሌላ ጋጋሪ ይሄዳል።

ሽሮ ግን ይታገሣል። ከለቀማው እስከ ማሸጉ ድረስ ብዙ ደረጃ ስላለው በየደረጃው ማቆም ይቻላል፤ በደንብ ከተያዘ ደግሞ ለወራት ይቀመጣል። አተሩን መልቀም ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ እያወሩ የሚሠራ ነው። አጥቦ ማጠፈፍም የሰው ዓይን አይፈልግም። ትኩረት የሚጠይቀው መቁላቱ ነው። እሱንም ኪሎ ኪሎ እየከፈሉ፣ ታማሚው ተገላብጦ እንቅልፍ ሲወስደው መሥራት ይቻላል። አሥሩን ኪሎ በአንድ ቀን ካልጨረስኩ ማለት አያስፈልግም። መብሰሉ የሚታወቀው አንዱን ፍሬ ሲነክሱት ቀጭ ብሎ ሲሰበርና ውስጡ ጥሬ ጥሬ ሳይል ሲቀር ነው። ካረረ ሽሮው ይመራል፤ ያረረውን ከደህናው ቀላቅሎ ለማዳን መሞከር ሁሉንም ማበላሸት ነው።

ከዚያ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይለያል፣ ምጥን ሽሮ ከሆነ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በበሶብላ ተመጥኖ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ወፍጮ ቤት የሚያደርስ ሰው ከወዲሁ መፈለግ ነው፤ የሰፈር ልጅ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣ እህት ትበቃለች። ታማሚው አስም ወይም የሳንባ ችግር ካለበት በርበሬ ቤት ውስጥ አይነካ። የተዘጋጀ መግዛት ወይም ነጭ ሽሮ ብቻ መሸጥ ይሻላል። ዋጋ ለመቀነስ ብሎ ጓያ መቀላቀል ግን ጨርሶ አይታሰብ፤ ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል።

ከወፍጮ የመጣ ሽሮ ትኩስ ነው። እንደ ደረሰ ላስቲክ ውስጥ ከታሸገ ያልበውና ይሻግታል፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው።

ብዙዎች የሚከስሩት በሒሳቡ ነው። ለምሳሌ 10 ኪሎ አተር በ1,500 ብር ተገዛ እንበል፤ በርበሬውና ቅመሙ 700፣ ወፍጮውና መመላለሻው 150፣ ላስቲኩ 50፤ ጠቅላላ 2,400 ብር። አተሩ 10 ኪሎ፣ በርበሬና ቅመሙ አንድ ኪሎ ተኩል ነውና 11 ኪሎ ተኩል ይወጣኛል ብላ ያሰበች ሴት አንዱ ኪሎ 209 ብር ገደማ የፈጀ ይመስላታል። 40 ብር ትርፍ ጨምራ በ249 ትሸጣለች። ጠጠሩና ገለባው ወጥቶ፣ እርጥበቱ በቁላቱ ተንኖ፣ ወፍጮው ላይም ጥቂት ቀርቶ የተመዘነው ሽሮ ግን 9 ኪሎ ነው። እውነተኛው ወጪ በኪሎ 267 ብር ስለሆነ በእያንዳንዱ ኪሎ 18 ብር ከኪሷ እየጨመረች ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚቆረጠው ሽሮው ተፈጭቶ ከተመዘነ በኋላ ነው።

ደንበኛ ከቅርብ ይጀመራል፦ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው፣ ሥራ ውላ የምትመጣ ዘመድ። ከዐቢይ ጾም በፊት ባሉት ሳምንታት ትእዛዝ ስለሚበዛ እህሉን ቀደም ብሎ መግዛት ነው። ቀብድ መቀበልም አያሳፍርም፤ አስታማሚ እጅ ላይ ትርፍ ገንዘብ አይኖርም። ቀን ሲቆረጥ «ዓርብ» ከማለት «ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ባለው» ማለት ይሻላል፤ ታማሚው ሌሊት ትኩሳት ቢነሣበት ያ ትርፍ ቀን ያስፈልጋል።

ታማሚው ተላላፊ ሕመም፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ካለበት ለሽያጭ የሚሆን ምግብ እዚያ ቤት አይዘጋጅ። ያኔ የሚቀረው ፈትል ነው። ክፍያው ከሽሮው ያነሰ ይሆናል፤ ታማሚው ሲጣራ ግን እንዝርቱን አስቀምጦ መነሣት ነው፣ ከተመለሱም በኋላ ክሩ ካቆሙበት ይቀጥላል። ለድር የሚሆን ቀጭንና ጠንካራ ክር ከማጉ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ከሸማኔው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ሕመምተኛን ያጸዳ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ፣ ሽሮም ይሁን ባዘቶ፣ አይነካም።