ባጃጅ ከመጠራቱ በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ቡሹሎ የምትኖር ወጣት፣ ለሥራ ሐዋሳ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ከሆነው ልጅ ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና ጠጥታለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ሳይመሽ ቤቷ መግባት አለባት። ጨዋታው ጥሟታል፣ ደግማ ልታገኘው ትፈልጋለች። እንዴት ትንገረው?

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «እንደዋወላለን» ብለን እንለያያለን። ይህን ቃል ግን ለድሮ የክፍል ጓደኛም፣ ለቤት ደላላም፣ ዳግም ማየት ለማንፈልገው ሰውም እንለዋለን። ስለዚህ ልጁ ቤቱ ገብቶ «ከልቧ ነው ወይስ ለወጉ?» ሲል ያመሻል። ግምቱም ወደ ክፉው ማዘንበሉ አይቀርም። በ2018 እ.ኤ.አ. «ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ የተዋወቁ ሰዎች ተጫውተው ሲለያዩ ሌላው ምን ያህል እንደወደዳቸው አሳንሰው ይገምታሉ።

የምትናገርበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ወደ ቡሹሎ የሚሄደው ባጃጅ ውስጥ ሌሎች ተሳፋሪዎች አሉ፣ የሞተሩም ድምፅ አለ። ሰፈር ከደረሱ ደግሞ የጎረቤት ዓይን ያጣድፋል። ስለዚህ ሂሳብ ተከፍሎ ከመቀመጫ ሲነሱ፣ ባጃጅ ሳይጠራ፣ እንዲህ ብትለው ይሻላል፦

«ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል። አሞራ ገደል ሄጄ አላውቅም ብለኸኝ የለ? የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት አሣ ልጋብዝህ፤ ቀጣዩ በእኔ ነው። ካልተመቸህም ንገረኝ፣ ችግር የለም።»

አሞራ ገደልን ያነሳችው ከራሱ ወሬ ነው፤ ስታዳምጠው እንደነበር ይገባዋል። ቀኑን መቁረጧ ንግግሯን ከወጉ ስንብት ይለየዋል፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሳያፍር እንቢ እንዲል መንገድ ይሰጠዋል። «ቀጣዩ በእኔ ነው» የሚለው ያማረው ተጋባዧ ስላለችው ነው። ከፋዩ «በሚቀጥለው አንቺ ትከፍያለሽ» ቢል፣ ቡናው ዕዳ መምሰል ይጀምራል።

ከዚያ መልሱን በደንብ መስማት ነው። «እሺ፣ እግዚአብሔር ካለ» ማለት ማፈግፈግ አይደለም፤ ለቁርጥ ቀጠሮም የምንለው ነው። «ቅዳሜ ሥራ ነኝ፣ እሑድስ?» ካለ ፈልጓል። «ሰሞኑን ትንሽ ይበዛብኛል፣ እስኪ እናያለን» ብሎ ሌላ ቀን ካልጠቀሰ ግን በጨዋ ደንብ እንቢ ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ለምን ብሎ መጠየቅ ሁለቱንም ያሳፍራል። «እሺ፣ ደህና ሁን፤ ስለ ቡናው አመሰግናለሁ» ብላ ብትሄድ ይበቃል።

እሺ ካለ ደግሞ ሰላምታው አጭር ይሁን፤ የለመዱት የእጅ ሰላምታ ከሆነ በዚያው ይለያዩ። ቤቷ ስትደርስ አንድ መልእክት ብቻ ትላክለት፦ «በሰላም ገባሁ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ አሞራ ገደል መግቢያው ላይ።»