ፈስ ይወጣል ወይ?

ከጣራ ገዳም ደን ግርጌ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ውስጥ አክስቴ ይኖራሉ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ፎገራ ላይ ሩዙ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ሰሞን፣ ወድቀው እግራቸው ተሰበረና በጄሶ ታስሮ አልጋ ላይ ዋሉ። ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘላቸው። ምግብ አስጠላቸው፤ ውሃውን ደግሞ «ለሽንት ማን ያነሳኛል?» እያሉ ሆን ብለው ይሸሹታል። በስድስተኛው ቀን ልጃቸው ደወለችልኝ። «እናቴን ተቅማጥ ጀመራት፤ አንሶላው ሁሉ ተበላሸ። ማቆሚያ ክኒን ልግዛላት?»

እኔም ግዢ ልላት ነበር። ደግነቱ አንዲት ጎረቤታችን ነርስ ናትና እሷ ትያቸው ተባባልን። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ተቅማጡ አልነበረም። «ከዚህ በፊት ወፍራም ዓይነ ምድር የወጣዎት መቼ ነው፣ እማማ?» አለቻቸው። ከወደቁ ወዲህ አንድም ቀን አልወጣቸውም። ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ ለስላሳ ነው። ፈስ ይወጣዎታል ወይ አለቻቸው፤ አክስቴ አፍረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ከዚያ በጭንቅላታቸው አዎ አሉ። ጓንት አድርጋ በአንድ ጣት ስትመረምር ፊንጢጣቸው ውስጥ የደረቀ ጭቃ የመሰለ ሰገራ ተወትፎ አገኘች። ያ ተቅማጥ የተባለው ከላይ ያለው ፈሳሽ በውታፉ ጎንና ጎን እየሾለከ የሚወርድ ነበር። የተቅማጥ ማቆሚያ ቢሰጣቸው ኖሮ የታሰረውን የባሰ ማሰር ይሆን ነበር። ብዙ ቀን በተኛ አዛውንት ላይ እንዲህ ያለ «ተቅማጥ» ሲታይ፣ ከኋላው ድርቀት ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

ነርሷ ያዘዘችው ግሊሰሪን ሰፖዚተሪ የሚባለውን ነው። ከፋርማሲ ሲመጣ አየሁት፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የጣት አንድ አንጓ የሚያህል ነገር ነው። ሲነኩት ያሟልጫል። የተሠራው ከግሊሰሪንና ከጄላቲን ነው። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፤ ፊንጢጣ ውስጥ ሲቀልጥ ከአንጀቱ ግድግዳ እርጥበት ስቦ ሰገራውን ያርሳል፣ መንገዱንም ያለሰልሳል፣ ግድግዳውንም ትንሽ ቆንጠጥ ስለሚያደርገው አንጀቱ እንዲገፋ ያነሣሣዋል። ከላይ ካለው ሆድ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሥራው የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ላይ ብቻ ነው፤ ሰገራው እዚያ ደርሶ ለተወተፈበት ሰው ይሆናል፣ ገና ከላይ ላለ ችግር ግን አይደርስም። (ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚገኝ ነውና አክስቴ ገና ጾመ ነቢያት አላለቀም ብለው አንድ ጥያቄ አነሡ። እሱን ለንስሐ አባታቸው ተውነው።)

አጠቃቀሙ ቀላል ቢሆንም የሚሳሳቱበት ብዙ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት የሚያስቅ ይመስላል፤ ከነመጠቅለያው የሚያስገባ ሰው አለ። ብልጭልጩን ወረቀት ወይም ፕላስቲኩን መላጥ ግድ ነው። ሁለተኛው ቫዝሊን መቀባት ነው። ቫዝሊን መድኃኒቱን ሸፍኖ እንዳይቀልጥ ያደርገዋል፤ በንጹሕ ውሃ ማርጠብ በቂ ነው። ሦስተኛው ሰገራው ውስጥ መሰካት ነው፤ ትክክለኛውን አሠራር ነርሷ አክስቴ ላይ ስትሠራ አየሁት። በግራ ጎናቸው አስተኛቻቸው፣ የቀኝ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው አስጠጋች፣ አፋቸውን ከፍተው እንዲተነፍሱ ነገረቻቸው። ሾጣጣውን ጫፍ አስቀድማ ካስገባች በኋላ በጣቷ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «ሰገራው ውስጥ ከሰካሁት እዚያው ተቀብሮ ይቀራል፤ ግድግዳውን መንካት አለበት» አለችኝ። ለአዋቂና ለሕፃን መጠኑ የተለያየ ስለሆነ ፋርማሲ ላይ ለማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል። ገና እንደገባ «መጣ መጣ» የሚል ስሜት ይኖራል፤ ያን ጊዜ ቶሎ ከተነሡ ራሱ መድኃኒቱ ሳይቀልጥ ወጥቶ ይወድቃል። አቀማመጡም ቁም ነገር አለው፤ በአካባቢያችን ሙቀት ሲበረታ መስኮት ላይ የተተወ ሰፖዚተሪ ለስልሶ ቅርጹን ያጣል። ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ክዳኑ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ግሊሰሪን እርጥበት ስለሚስብ ክፍት ማስቀመጡም አይሆንም።

አክስቴ በአርባ ደቂቃ ጥቂት ወጣላቸው፣ ዋናው ግን አልተነቀለም። በማግስቱ ለእግራቸው የሆስፒታል ቀጠሮ ስለነበራቸው እዚያው ኢኒማ ተደረገላቸው። ኢኒማ ማለት በፊንጢጣ ፈሳሽ ማስገባት ነው። የተጠቀሙት ለብ ያለ የጨው ውሃ፣ ማለትም ጉሉኮስ በሚሰቀልበት ዓይነት ላስቲክ የሚመጣው ኖርማል ሳላይን ነው፤ ግማሽ ሊትር ያህል። ዕቃው ከአልጋው ከአንድ ክንድ በላይ ከፍ አላለም፤ ከፍ ካለ ውሃው በኃይል ወርዶ ያቆርጣል፣ ሳይሠራም ተመልሶ ይወጣል። ከላስቲኩ ቱቦ አየሩን አስቀድመው አስወጡ፣ ጫፉን ቅባት ነኩት፣ የጣት ርዝመት ያህል ብቻ አስገቡት። ሲገታ አልገፉትም። ቁርጠት ሲመጣባቸው ቱቦውን ቆንጥጠው ያዙ፣ ሲለቃቸው ቀጠሉ። በግራ ጎን ማስተኛቱ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም፤ የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል በግራ በኩል ስለሚወርድ ውሃው ቁልቁለት ያገኛል። አሥር ደቂቃ ያህል ይዘውት ቆዩና የስድስት ቀኑ ወጣ። አክስቴ ያን ቀን ማታ ሽሮ በልተው አደሩ።

ይህን ቤት ውስጥ ልሞክረው ለሚል ሰው ሁለት ነገር ልበል። ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ የአንጀትን ግድግዳ ያቃጥላል፤ ደም እስኪወጣ ያቆሰላቸው ሰዎች አሉ። ተራ ውሃም በብዛትና በተደጋጋሚ ከገባ ወደ ደም ሰርጎ የሰውነትን ጨው ያዛባል። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ ፎስፌት ትንሽ ጠርሙስ ደግሞ ምቹ ቢመስልም ኩላሊታቸው ወይም ልባቸው ለታመመ ሰዎች፣ ለደከሙ አዛውንቶችና ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አደገኛ ነው። ፈሳሹ ገብቶ ሳይወጣ ከቀረ ፎስፌቱ ደም ውስጥ ገብቶ ካልሲየምን ያወርዳል፣ ልብንም ያውካል። ስለዚህ ከገባ በኋላ ካልወጣ ሌላ መድገም ሳይሆን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። አክስቴ እያገገሙ ሳለ አንድ የሩዝ ገበሬ ዘመዳችን ታመመ። ሆዱ ከትናንት ጀምሮ ተነፍቷል፣ ዓይነ ምድር የለም፣ ያቆርጠዋል። ቤተሰቡ የአክስቴን ነገር ሰምቷልና «ያንን ጥይት የመሰለ መድኃኒት ግዙልን» ብለው ሰው ላኩ። ነርሷ በስልክ አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ፈስ ይወጣል ወይ?» ከትናንት ጀምሮ አልወጣም። ሆዱን ሲመቱት ከበሮ ይመስላል። «ምንም እንዳታስገቡበት፣ ምግብም ውሃም አትስጡት፣ አሁኑኑ ወደ ደብረ ታቦር» አለች።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ትልቁን አንጀት ከሚዘጉት ነገሮች ዋነኛው የአንጀት መጠምዘዝ ነው፤ ሐኪሞች ሲግሞይድ ቮልቩለስ ይሉታል። በብዛት የሚታየውም በጎልማሳና በአዛውንት ወንዶች ላይ ነው። በግራ በኩል ያለው የአንጀት እጥፋት በአንዳንድ ሰው ረጅም ይሆንና ሥሩ ጠባብ ስለሆነ እንደ ገመድ ዞሮ ይታነቃል። ሰገራም አየርም አያልፍም። ደሙም ከተቋረጠ አንጀቱ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ሰፖዚተሪ ቢገባ ከታች ባዶ ቦታ ላይ ይቀልጣል እንጂ የሚደርስበት ነገር የለም። ኢኒማ ግን ይባስ ይጎዳል፤ የሳሳውን አንጀት ሊበሳው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «እስኪሠራ እንጠብቅ» እየተባለ የሚያልፈው ሰዓት ነው።

ዘመዳችን ሆስፒታል ሲደርስ አንጀቱ ገና አልሞተም ነበር። በመሣሪያ እያዩ በፊንጢጣው ቱቦ አሳለፉለት፤ አብሮት የነበረው ወንድሙ እንደነገረኝ አየሩና ፈሳሹ ወጥቶ ሆዱ በዓይን እያዩት ወረደ። ይህም በፊንጢጣ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም እያየ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል በቅርብ እያለ የሚደረግ ነው። የተጠመዘዘ አንጀት ተመልሶ የመጠምዘዝ ልማድ ስላለው ከቀናት በኋላ ረጅሙ እጥፋት በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ወጣለት።

ስለ ሕፃናትም አንድ ነገር አለ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ብዙ ቀን ሳያወጣ ቆይቶ ለስላሳ ካወጣ፣ ከጠባና ከተጫወተ ድርቀት አይባልም። አንዳንድ ቤት ግን ሦስተኛው ቀን ላይ የሳሙና ስባሪ ይፈለጋል። ሳሙና ለአዋቂው ካቃጠለ ለጨቅላው ምን ሊሆን ነው? ከተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ ጥቁሩን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ያላወጣ ሕፃን ደግሞ ምናልባት የአንጀቱ ነርቭ ጎድሎ ተወልዶ ይሆናልና እሱ ለሐኪም የሚታይ እንጂ ቤት የሚታከም አይደለም። ለወላዶችም ቢሆን ምጥ ሲይዝ ኢኒማ ማድረግ የድሮ የማዋለጃ ክፍል ልማድ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምጥን ለማፋጠን ብሎ ማድረጉን አይመክርም።

ሰፖዚተሪውም ኢኒማውም አንድ ጊዜ ለመጣ ውታፍ እንጂ ለየሳምንቱ ኑሮ አልተሠሩም። በየጊዜው ከተፈለጉ ምክንያቱን መፈለግ ነው፤ የሕመም ማስታገሻው ይሆናል፣ የእርጉዟ የብረት ክኒን ይሆናል፣ ወይም ፎገራ ላይ ለእንጀራው እየተቀላቀለ የሚበላው የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይሆናል፤ አሰሩ ከጤፍ ያንሳል። ከፊንጢጣ ደም ያየ፣ ትኩሳት ያለው፣ የሚያስመልሰው ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ፋርማሲ ሳይሆን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

እናንተም ቤታችሁ ሆዱ ደረቀ የሚል ሰው ሲመጣ ወደ ፋርማሲ ከመሮጣችሁ በፊት፣ ቢያሳፍርም፣ ያችን የነርሷን ጥያቄ ጠይቁት። መልሱ «አይወጣም» ከሆነና ሆዱም ከተነፋ መኪና ፈልጉ።