የአንድ መስመር ኮለን ስንት ኮምፔርሳቶ ይፈልጋል?

ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ፌሮና ስለ ሲሚንቶ አጥብቆ ይጠይቃል። ሁለቱም ሕንጻው ውስጥ ስለሚቀሩ ብዛታቸው ከሥዕሉ ላይ ተለክቶ ይወጣል። የፎርም እንጨትና ኮምፔርሳቶ ግን ሥራው ሲያልቅ ከሕንጻው ይወጣሉ፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ በግምት ይገዛሉ። ግምቱ ደግሞ የሚስተው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ አንዱ ኮምፔርሳቶ ስንት ጊዜ ያገለግላል?

አንድ ምሳሌ ይዘን እንየው። ስምንት ኮለኖች በአንድ መስመር ቆመዋል። እያንዳንዱ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ከወለሉ እስከ ቢሙ ሆድ ድረስ ያለው ቁመት 2.80 ሜትር ነው። ዙሪያው 1.40 ሜትር ስለሆነ በቁመቱ ሲባዛ አንዱ ኮለን 3.92 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ስምንቱ 31.36 ካሬ ሜትር። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈውና ክፍያ የሚጠየቅበት ይህ ቁጥር ነው፤ ማለትም አርማታው ፎርሙን የሚነካበት ስፋት። ወደ ገበያ ይዘነው የምንሄደው ቁጥር ግን ይህ አይደለም።

ኮምፔርሳቶ የሚሸጠው በአብዛኛው 1.22 በ2.44 ሜትር ሆኖ ነው። የኛ ኮለን ደግሞ 2.80 ሜትር ስለሚረዝም አንዱ ሙሉ ቁራጭ አይደርስለትም፤ ከላይ 36 ሴንቲ ሜትር መቀጠል አለበት። ወርዱም ቢሆን እንዳለ አይቆረጥም። የ30 ሴንቲ ሜትሩ ገጽ በልኩ 30 ይቆረጣል። የ40ው ግን በሁለቱም ጎን የጎረቤቱን ውፍረት መሸፈን ስላለበት፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኮምፔርሳቶ 43.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን የዘነጋ አናጺ አራቱንም ጎን በልኩ ቆርጦ ሲገጥም ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ያገኛል።

አሁን ቁርጡን እንደርድር። ከአንድ ኮምፔርሳቶ ወርድ ላይ ሁለት ባለ 43.6 እና አንድ ባለ 30 ይወጣሉ፤ መጋዙ የሚበላው ሲጨመርበት 118 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ስለዚህ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ኮለን አንድ ባለ 30 ይጎድላል። ይህን የጎደለውን ለአራት ኮለን ከአንድ ተጨማሪ ኮምፔርሳቶ ማውጣት ይቻላል፤ አራት ጊዜ 30 ሲሆን ከነመጋዙ ለጥቂት ይገባል። ከላይ ለሚቀጠሉት የ36 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች አንድ ኮምፔርሳቶ ለአራቱም ይበቃል። እንግዲህ ለአራት ሙሉ የፎርም ስብስብ 6 ኮምፔርሳቶ፣ ማለትም 17.86 ካሬ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። አራቱ ኮለኖች አርማታውን የሚነኩበት ስፋት ግን 15.68 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ 14 በመቶ ሲሆን፣ ይህም ቁርጡ በጥንቃቄ ከተሰላ ነው። ሳይሰላ ከተጀመረ ብክነቱ ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

እንጨቱን ከማስላታችን በፊት ምን እንደሚሸከም ማወቅ ይገባል። አርማታ እንደ ፈሰሰ ፈሳሽ ነው፤ ወደ ጎን ይገፋል። አንድ ሜትር ኩብ 2.5 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ 2.80 ሜትር ኮለን በአንድ ትንፋሽ ሲሞላ ግርጌው ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 7 ቶን ያህል ግፊት ይደርሳል። ኮለኑ ውስጥ ያለው አርማታ ራሱ አንድ ቶን አይሞላም፤ ግፊቱ የሚመጣው ከክብደቱ ሳይሆን ከከፍታው ነው። በቪብሬተር ሲመታ ደግሞ አርማታው ይበልጥ ፈሳሽነቱን ስለሚጠብቅ ይህ ግምት የተጋነነ አይደለም።

በዚህም ምክንያት ኮምፔርሳቶው ብቻውን አይቆምም። ከጀርባው ቀጥ ያሉ ባለ 5 በ7 ሞራሌዎች ይመቱበታል፤ በ40ው ገጽ ሦስት ሦስት፣ በ30ው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 10። እነዚህን ደግሞ ዙሪያውን የሚያቅፉ አግድም ሞራሌዎች እንደ ቀበቶ ይይዟቸዋል። ብዙ ቦታ የሚታየው ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ ማቀፊያዎቹ ከግርጌ እስከ አናት በእኩል ርቀት ይደረደራሉ። ግፊቱ ግን እኩል አይደለም። ታች በየ30 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከመሐል በላይ በየ40 እና 45 ቢሆን ይበጃል። በእኛ ኮለን ስምንት ማቀፊያ ይወጣል። የታችኞቹን አምስት በድርብ ሞራሌ እንዲሠሩ እመክራለሁ፤ ነጠላው 5 በ7 በዚያ ግፊት ይለመጣል፣ ሲብስም ይሰበራል። የብረት ክላምፕ ካለ ድርቡ ይቀራል።

ሞራሌው 4 ሜትር ርዝመት ያለው ከሆነ ከአንዱ የ2.80 ሜትር ቋሚና አንድ የ90 ሴንቲ ሜትር የማቀፊያ ቁራጭ ይወጣል። የቀሩት የማቀፊያ ቁራጮች ከሌሎች ሞራሌዎች፣ ከእያንዳንዱ አራት አራት እየሆኑ ይቆረጣሉ። በዚህ ስሌት አራት ስብስብ 82 ሞራሌ ይፈልጋል። ለአንድ ኮለን የሚውለው ሞራሌ ሩብ ሜትር ኩብ ያልፋል፤ ኮለኑ የሚወስደው አርማታ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የድጋፍ አጣናው ከዚህ ውጭ ነው። በየኮለኑ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ተደግፎ ቱምቢው መጠበቅ አለበት፤ እኔ በአራቱም ጎን ቢሆን እመርጣለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ስንት ጊዜ ብለን እንያዝ? ሰዎች ይህን ሲጠይቁ የሚያስቡት ኮምፔርሳቶው ስንት ጊዜ እንደሚችል ነው። እሱ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ሥራው ራሱ ስንት ጊዜ ዕድል እንደሚሰጠው ነው። የምንይዘው ቁጥር ከሁለቱ ያነሰውን ነው።

ሕንጻው ባለ አንድ ወለል ቢሆን፣ አራት ስብስብ ሠርተን ስምንቱን ኮለን በሁለት ዙር ብንሞላ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ኮምፔርሳቶ ብንገዛ አገልግሎቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሰው ዋጋ ሲያወጣ «ስምንት ጊዜ ያገለግላል» ብሎ 31.36ን ለስምንት ቢያካፍል 3.92 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ሁለት ኮምፔርሳቶ ይበቃል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ስህተት የለበትም። በሁለት ኮምፔርሳቶ በእርግጥም አንድ ሙሉ ስብስብ ይወጣል፣ እየዞረም ስምንቱን ይሞላል። ግን አንዱን ኮለን ገጥሞ፣ ሞልቶ፣ አሳድሮና ፈትቶ ወደ ሌላው ለመሻገር ሁለት ቀን ቢወስድ፣ ስምንቱ 16 የሥራ ቀን ይፈጃሉ። በአራት ስብስብ ሁለት ዙር በሳምንት ውስጥ ያልቃል። የዘገየው ቀን የሠራተኛ ደሞዝና የተከራየ ዕቃ ክፍያ ይዞ ይመጣል፤ የተቆጠበውን ኮምፔርሳቶም ይበላዋል። ስለዚህ የስብስቡን ብዛት የሚወስነው የሥራ መርሐ ግብሩ ነው፤ የድግግሞሹ ቁጥር ከእሱ ቀጥሎ ይወጣል።

ሕንጻው ጂ+3 ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ያው መስመር በአራት ወለል 32 ኮለን ይሆናል። አራት ስብስብ ካለን እያንዳንዱ ስምንት ጊዜ ይጠራል። አሁን የኮምፔርሳቶው አቅም ወሳኝ ነው። ለእቅድ እኔ የምይዘው፣ ፊልም ያልተለጠፈበትን ተራ ኮምፔርሳቶ ለኮለን አራት ጊዜ፣ ፊልም ያለውን ስምንት ጊዜ ነው። ሻጮች ለፊልም ያለው ከዚህ የበለጠ ይናገራሉ፤ በጠፍጣፋ የሶሌታ ሥራና በጥሩ አያያዝ ሊደርስበትም ይችላል። የኮለን ቁራጭ ግን ጠባብ ነው፣ ብዙ የተጋዘ ጠርዝ አለው፣ በየጊዜው በምስማር ይወጋል። ጠርዙ ደግሞ ፊልም የሌለበት በመሆኑ ውሃው የሚገባው በዚያ ነው።

በዚህ ሒሳብ ተራው 6 ኮምፔርሳቶ ከሁለተኛው ወለል በኋላ ሌላ 6 ይጠይቃል፤ በድምሩ 12። ፊልም ያለው 6 ሆኖ ለሚበላሹ ቁራጮች መተኪያ 2 ቢጨመርበት 8 ነው። ጠቅላላ የአርማታው ስፋት 125.44 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ስምንት ጊዜ ያልነው ፊልም ያለው ከነብክነቱና ከነመተኪያው አንዱ ካሬ ሜትር በእውነት የሚሸፍነው 5.3 ያህል ነው። አራት ጊዜ ያልነው ተራ ደግሞ 3.5። ዋጋ ሲወጣ መካፈል ያለበት በእነዚህ ነው። ሁለቱን ለማወዳደርም 12ን ከ8 ጋር ማየት በቂ ነው፤ የባለ ፊልሙ ዋጋ ከተራው ከአንድ ተኩል እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ እሱን መግዛት ያዋጣል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቁራጩ እስከ ስምንተኛው ዙር ከደረሰ ነው። ቶሎ የሚገድለው አፈታቱ ነው። ብረት በማዕዘኑ ሰንቅረው ሲፈለቅቁት ጠርዙ ይከፈታል፣ በሚቀጥለው ዙር የሲሚንቶው ውሃ በዚያ ይፈሳል፣ ኮለኑም ማዕዘኑ ላይ ጠጠሩ ብቻ ያፈጠጠ ሆኖ ይወጣል። ማቀፊያው በሽብልቅ ከተያዘ ሽብልቁን መምታት ይበቃል፤ ሞራሌውም በምስማር ሳይቀደድ ከኮምፔርሳቶው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። የተጋዘ ጠርዝ ገና በመጀመሪያው ቀን ቀለም መቀባት አለበት። በየሙሌቱ በፊት ገጹ በስሱ ዘይት ይቀባል፤ ፌሮውን ግን መንካት የለበትም፤ ስለዚህ የሚቀባው ከመገጠሙ በፊት መሬት ላይ ሳለ ነው። በወለልና በወለል መካከል ያለው ሳምንታት ክረምት ላይ ከዋለ ደግሞ ቁራጮቹ ከመሬት ከፍ ብለው፣ ተነባብረውና ተሸፍነው መቆየት አለባቸው።

ማብቃቱን ለማወቅ ሜትር ይበቃል። 18 ሚሊ ሜትር የነበረው ጠርዝ 20 ከደረሰ ውሃ ጠጥቷል፤ መሐሉን ሲያንኳኩት ድምፁ የታፈነ ከሆነ ንብርብሩ ተላቋል። የተፈታውን ኮለንም መለካት ነው። የ40ው ገጽ መሐሉ ላይ 41 ወይም 42 ካወጣ ችግሩ ከማቀፊያው ርቀት ነው፤ ኮምፔርሳቶውን መቀየር አያድነውም።

በላይኛው ወለል ኮለኑ ከ30 በ40 ወደ 30 በ30 የሚጠብ ከሆነ፣ ባለ 43.6ቱን ቁራጭ ወደ 33.6 ማጥበብ ይቻላል። አናጺው ከሁለቱም ጎን አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ሲቆርጥ ያበጠው ጠርዝ አብሮ ይወገዳል፣ አዲሱ ጠርዝም ወዲያው ይቀባል። የጠርዝ ሞራሌዎቹ ግን ተነቅለው ወደ ውስጥ ተጠግተው መመታት ስላለባቸው፣ ለዚህ ሥራ ግማሽ ቀን በመርሐ ግብሩ ውስጥ መያዝ አለበት።